ከድር፦ ሳይደፈርስ የማይጠራ ስም

ጥያቄ፦ «ስሜ ከድር ነው። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ስድስት ዓመት ጅዳ ሠርቼ ዘንድሮ ተመለስኩ። እዚያ አለቃዬ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን አይቶ ‹ስምህ እኮ ድፍርስ ማለት ነው› እያለ ሲስቅብኝ ኖረ። አንድ ጓደኛዬ ‹ትክክለኛው ቃድር ነው፣ ኃያል ማለት ነው፣ አስለውጠው› ይለኛል። ሌላው ‹ፓስፖርቱ ላይ ኤች ጨምርበት፣ ይስተካከላል› ይላል። አባቴ ግን ሲጠራኝ ‹ኸድር› ነው የሚለው። ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፣ ሴት ናት ተብለናል። ሟች እናቴ ሀሊማ ስለነበረች ለእሷ መታሰቢያ አሊማ ልንላት አስበናል። ስሜን ላስለውጥ ወይስ ልተወው? የልጅቷስ ስም ችግር አለው?»

መልስ፦ አታስለውጠው። ስምህ ድፍርስ ማለት አይደለም። ኃያል ማለትም አይደለም። ልክ የሆኑት አባትህ ናቸው። የልጅቷ ስም ግን ቢታሰብበት ይሻላል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከአለቃህ ልጀምር። ሰውየው አልዋሸም። ዓረብኛ ውስጥ በካፍ፣ በዳልና በራ የሚጻፍ «ከዲር» የሚባል ቃል አለ። የደፈረሰ ውሃ ማለት ነው። ሰላም ያጣ ኑሮም በዚሁ ቃል ይገለጻል። ኢቃማህ ላይ እነዚህ ሦስት ፊደላት ተደርድረው ካየ፣ ሌላ ምን ሊያነብ ይችል ነበር? ጥፋቱ ያለው ስምህን በዓረብኛ የጻፈው ሰው ጋ ነው። እሱም ቢሆን ጥፋቱን የወረሰው ከእኛው ነው።

ስምህ በዓረብኛ የሚጻፈው በኻ፣ በዷድና በራ ነው። ሲነበብ «ኸዲር» ወይም «ኺድር» ይሆናል፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ሥሩ አረንጓዴነትን ይናገራል። ዓረቦች አረንጓዴን «አኽደር» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። የስሙ ባለቤት በሱረቱል ከህፍ ከነቢዩ ሙሳ ጋር የተጓዘው ሰው ነው። መርከቧን የሸነቆረው፣ ሊወድቅ የደረሰውን ግድግዳ ያቆመው። ቁርአን በስሙ አይጠራውም፣ ከባሮቻችን አንዱ ብሎ ያልፈዋል። ስሙ የመጣው በሐዲስ ነው። ቡኻሪ ያሰፈሩት ሐዲስ ኸዲር የተባለበትን ምክንያት ይነግረናል፦ በደረቅ ነጭ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ መሬቱም ከሥሩ ለምልሞ አረንጓዴ ሆነ። ስድስት ዓመት ድፍርስ እየተባልክ የኖርክበት ስም ትርጉሙ ልምላሜ ነው።

ታዲያ ኸ እንዴት ከ ሆነ? ኻ ከጉሮሮ ተፍቆ የሚወጣ ድምፅ ነው። ፊደላችን «ኸ» የምትል ምልክት አላት፣ የአዲስ አበባ ሰው አፍ ግን ድምፁን አልለመደውም። ስለዚህ ሲያጋጥመው ወይ ወደ ሀ ያለዝበዋል፣ ወይ ወደ ከ ያጠነክረዋል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ «ሸይኽ» የሚለውን ቃል እይ። አንዱ ሼህ ይላል፣ አንዱ ሼክ ይላል። አንድ ፊደል ነው ሁለት ቦታ የተሰበረው። ኸዲጃም እንዲሁ ሀዲጃና ከዲጃ ትባላለች። ኻሊድም ሀሊድና ካሊድ ይባላል።

በአንተ ስም ላይ ከ ያሸነፈችበት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ወሎና መንዝ ብትሄድ ብዙ ሰው በ«ከ» ፋንታ «ኸ» ሲል ትሰማለህ፦ «ኸቤት»፣ «ኸገበያ»። የከተማ ጸሐፊ ኸ ሲሰማ የገጠር አነጋገር መስሎት ያቃናዋል። አባትህ ቀበሌ ሄደው «ኸድር» ሲሉ ጸሐፊው በልቡ «ከድር ለማለት ነው» ሳይል አልቀረም። ያልተጣመመውን አቀናው።

ወደ ጓደኛህ ሐሳብ እንምጣ። ቃድር ራሱን የቻለ ሌላ ስም ነው። በቃፍ ይጀምራል፣ ከቃፉ ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን የሚያስረዝም አሊፍ አለው። አማርኛ ሁለቱንም አሳምሮ ይይዛል። ቀ የራሳችን ድምፅ ስለሆነ ከዓረብኛ ሲመጣ አይጠፋብንም። ቃሲም፣ ቂብላ፣ አብዱልቃድር እንላለን። ቁርአንን «ኩርአን» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ሰምተህ ታውቃለህ? ርዝመቱንም ቢሆን እንለያለን። የዓረብኛው አጭር ድምፅ በግዕዙ ፊደል ይገባል፣ ረጅሙ በራብዑ። «ጀማል» የሚለውን ስም ተመልከት፣ «ጀ» አጭሩ ነው፣ «ማ» ረጅሙ። ከድር ከቃድር መጣ ለማለት ቀ ከ መሆን አለባት፣ ራብዑም ግዕዝ መሆን አለበት። በአንድ ፊደል ላይ ሁለት ስህተት። አይሆንም አልልም፣ ግን በቤተሰብህ እንዳልሆነ የአባትህ አጠራር ይመሰክራል። ከቃድር የተነሣ ሰው «ኸድር» አይልም።

ይህን ስል ሁሉም ከድር ኸድር ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቤት አብዱልቃድር የተባለ ልጅ ስሙ አጥሮ፣ በላቲን ፊደል KADIR ተብሎ፣ ከላቲኑ ደግሞ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከድር ሆኖ አይቻለሁ። ስለዚህ ከቤት አጣራ። የመጀመሪያው ማስረጃ አዛውንቶቹ ሲጣሩ የሚያወጡት ድምፅ ነው፣ እሱን አግኝተሃል። ሁለተኛው ወረቀት ነው። የድሮ አባቶች የልጅ ልደት የሚጽፉት ኪታባቸው መጀመሪያ ባዶ ገጽ ላይ ነበር፣ ያውም በዓረብኛ። እንዲህ ያለ ገጽ ከተገኘ ክርክሩ አለቀ። ቁርአን የቀራህበት መድረሳ ሸይኹ ስምህን ለውህ ላይ ጽፈውልህ ከነበረም ያው ነው። እኔ ለአንድ ሰው ስም ትርጉም ከመናገሬ በፊት ሁሌም የምጠይቀው በዓረብኛ የተጻፈ ነገር አለ ወይ ብዬ ነው። የስሙ ትርጉም ያለው እዚያ ነው። ፊደልና ላቲን ድምፁን በግምት ያስተላልፋሉ እንጂ ትርጉሙን አይሸከሙም።

አባቶች «ሳይደፈርስ አይጠራም» ይላሉ። አማርኛ ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ «አይጠራም» ኩልል አይልም ማለትም ነው፣ ስሙ አይነሣም ማለትም ነው። ያንተ ስም በሁለቱም ይሄዳል። የት የት እንደደፈረሰ ደረጃ በደረጃ እንየው።

አባትህ «ኸድር» ሲሉ ዷዷ አስቀድማ ጠፍታለች፣ እኛ ለዷድም ለዳልም ያለን «ደ» ብቻ ነው። ረመዳን በዷድ ነው፣ ዳውድ በዳል ነው፣ እኛ ጋ ግን አንድ ናቸው። ቀበሌው «ከድር» ብሎ ሲጽፍ ኻዋ ጠፋች። ፓስፖርቱ KEDIR ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። በእኛ አጻጻፍ K ለከም ለቀም ታገለግላለች፣ ቀበሌን ራሱን KEBELE ብለን እንጽፋለን። የመጨረሻው ጣቢያ ዓረብኛ ነው። የቪዛ ፎርም የሚሞላ ወይም ኢቃማ የሚያዘጋጅ ሰው አባትህን አያውቃቸውም። ፊቱ ያለው KEDIR ብቻ ነው። K አለ፣ ካፍ ጻፈ። D አለ፣ ዳል ጻፈ። R አለ፣ ራ ጻፈ። ልምላሜው ውሃ ሆኖ ደፈረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን በቃፍ ጽፎ ኃያል ያደርግህ ነበር። አንዴ እጄ የገባ ወረቀት ላይ ከካፏ ቀጥሎ አሊፍ ተጨምሮ «ካዲር» ተብሎ ነበር። ይህ በዛሬው ዓረብኛ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ስብስብ ነው፣ ከእኛው «ካድሬ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ባለቤቱ ሲነገረው ከድፍርስ ይሻለኛል ብሎ ሳቀ።

ኤች ጨምር ያለህ ጓደኛህ ቀና አስቧል፣ ግን ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይከትሃል። KHEDIR ብትል ኻዋን ታድናለህ፣ D ግን D ሆና ትቀራለች። ጸሐፊው ኻ ብሎ ቀጥሎ ዳል ከጻፈ የሚወጣው ቃል «የደነዘዘ» ነው። እግር ሲደነዝዝ የሚባለው። ዓረቦች ማደንዘዣን «ሙኸዲር» የሚሉት ከዚያው ሥር ነው። ከድፍርስ ወደ ደንዛዛ ለመሄድ ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት አያዋጣም። ላቲን ዷድን ከዳል አይለይም። ምንም ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ብትመርጥ ዓረብኛውን በትክክል እንዲጽፉ ማስገደድ አይችልም።

ስለዚህ መታረም ያለበት ዓረብኛው ብቻ ነው። ወደ ባህረ ሰላጤው ካልተመለስክ ምንም የምታርመው የለም። ከተመለስክ ስምህን በዓረብኛ በትክክል አስጽፈህ ወረቀቱን ያዝ። ፎርሙን ለሚሞላው ሰው ስጠው፣ የሞላውንም ከመላኩ በፊት አሳየኝ በለው። ዓረብኛ ባታነብም ነጥብ መቁጠር ትችላለህ። ያንተ ስም ሁለት ነጥብ አለው፣ አንዱ በመጀመሪያው ፊደል አናት፣ ሌላው በሁለተኛው ፊደል አናት። ድፍርሱ አንድም ነጥብ የለውም። ደንዛዛው አንድ ብቻ ነው ያለው፣ መጀመሪያው ፊደል ላይ። ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ተጣብቀው በመጀመሪያው ፊደል ላይ ካየህ ደግሞ ቃፍ ነው፣ ቃድር አድርገውሃል። ኢቃማ ከወጣ በኋላም በአሠሪ በኩል የዓረብኛው አጻጻፍ ይታረምልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከመውጣቱ በፊት መያዝ ግን ብዙ ድካም ያድናል።

ስሙን ማስለወጥን በተመለከተ፣ የሃይማኖቱን ጎን ጠይቀህ ከሆነ ምክንያት የለህም። ነቢዩ ሙሐመድ ስም የለወጡት ትርጉሙ በእርግጥ መጥፎ ሲሆን ነው። ዓሲያ የምትባል ሴት ነበረች፣ «አመጸኛ» ማለት ነው፣ ጀሚላ አሏት። ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በል፣ በአማርኛ ስትጻፍ ይህች ዓሲያ ከፈርዖን ሚስት ከአስያ አትለይም። የመጀመሪያዋ በዐይንና በሷድ ትጻፋለች፣ ሁለተኛዋ በአሊፍና በሲን። እኛ ጋ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው። ሆኖም በከተማችን ያሉት አስያዎች ሁሉ ስማቸው ይለወጥ ያለ ዓሊም አልሰማሁም፣ ወላጅ ያሰበው የትኛዋን እንደሆነ ይታወቃላ። ያንተም እንዲሁ ነው።

የወረቀቱን ጎን ካየን ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል። የስም ለውጥ በፍርድ ቤት በኩል ያልፋል። ከዚያ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ባንክ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፓስፖርት አንድ በአንድ መከተል አለባቸው። አንዱ ከቀረ ያ አንዱ ነው ቀን ጠብቆ የሚይዝህ። በዚያ ላይ የጣት አሻራህ ሳዑዲ ውስጥ በKEDIR ተመዝግቧል። በሌላ ስም መጥተህ አሻራህ የድሮውን ስም ሲያወጣ፣ ለማስረዳት የምትቆመው አየር ማረፊያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። እናትህ ሀሊማ ነበሩ። ስሙ በዓረብኛ በሐ ይጀምራል፣ ታጋሽ፣ ሆደ ሰፊ ማለት ነው። ነቢዩን በሕፃንነታቸው ያጠቧቸው የበኒ ሰዕዷ ሐሊማ ናቸው። ሀዋን ስትጥላት የአያቷን ስም ያሳጠርክ ይመስልሃል፣ ግን ሌላ ቃል ውስጥ ገብተሃል። «አሊማ» በዐይን ከተጻፈ አዋቂ ማለት ነው፣ ጥሩ ስም ነው። በአሊፍ ከተጻፈ ግን «የሚያሳምም» ማለት ነው። «ዐዛቡን አሊም» የሚለውን ስንቴ ቀርተኸዋል? ያው ቃል በሴት ጾታ ነው። አማርኛ አና ዐን በድምፅ አይለይም፣ ALIMA የሚለው ላቲንም አይለይም። የወደፊቱን ጸሐፊ ደግሞ እኔም አንተም አናውቀውም።

ለአስያ ግድ የለም ብዬ ለአሊማ ለምን ተጨነቅኩ ትል ይሆናል። አስያ የታሰበችው አስያ ናት፣ አሊማ ግን የታሰበችው ሀሊማ ናት። መታሰቢያ ከሆነ ስሙን ሙሉውን ስጧት። HALIMA ሲባል ዓረብ ጸሐፊ ሳያስብ በትክክል ይጽፈዋል፣ ስሙን ከሕፃንነቱ ያውቀዋልና። ላቲን ላይ ተማምነህ ልትተወው የምትችለው እንዲህ ያለውን በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስም ነው። አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ርዝመት ነው። ሀን አስረዝሞ «ሓሊማ» ያለ ሰው «ሕልም የምታይ» ይላታል። ያ እንኳ ቢመጣ የሚያስከፋ አይደለም።

በፊደል ስትጽፉ ሀሊማም ሐሊማም ይነበባል። የእስልምና መጻሕፍት የሚያሳትሙ ብዙዎች ለዚህ ፊደል ሐን ይመርጣሉ፣ እኔም ሐን እወዳለሁ። ለጆሮ ልዩነት የለውም፣ ለኮምፒዩተር ግን አለው። በሀ የተመዘገበን ስም በሐ ብትፈልገው «የለም» ሊልህ ይችላል። አንዱን ምረጡና ከክትባት ካርድ ጀምሮ እሱን ብቻ ያዙ።

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በዐቂቃው ሰሞን ስሙን ወስናችሁ ወረዳ ሂዱ። እዚያ ስትደርስ አንድ ፈተና ይገጥምሃል። ይህን ሁሉ አንብበሃልና የአባት ስም ሲባል «ኸድር» ብለህ ማስጻፍ ያምርሃል። አታድርገው። የአባት ስም አንተ መታወቂያህ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆን አለበት፣ ያለዚያ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ወይም ፓስፖርት ስታወጣ አባቷ መሆንህን በማስረጃ ልታሳይ ነው። ኸድር ቤት ውስጥ ይኑር፣ አባትህም እንደጠሩህ ይጥሩህ። መዝጋቢዋ ከማተሟ በፊት ስክሪኑን ወደ አንተ እንድታዞርልህ ጠይቃት። በአማርኛው «ሐሊማ ከድር»፣ በእንግሊዝኛው HALIMA KEDIR ይላል? እንደዚያ ከሆነ ፈርምና ውሰደው።